384 ከየት መጣ? የስልጠና ውጤትን የሚለካ የነርሲንግ መመረቂያ ጽሑፍ የዘዴ ምዕራፍ

ጥያቄ፦ «የ11 ዓመት ልምድ ያለኝ ነርስና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌ ነርሶች ስለ አልጋ ቁስል መከላከል የሚሰጣቸው ስልጠና ዕውቀታቸውን ይለውጥ እንደሆነ የሚመረምር ከፊል ሙከራዊ ጥናት ነው። በአንዱ ሆስፒታል ስልጠናውን እሰጣለሁ፤ በሌላ ከተማ ያለውን ሁለተኛ ሆስፒታል ለንጽጽር እወስዳለሁ። አማካሪዬ የዘዴውን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ መለሱልኝ። ‹ይህ የዳሰሳ ጥናት ዘዴ ነው› ከማለት በቀር ብዙ አላብራሩም። የናሙና መጠኔ በቀመሩ 384 ወጣ፤ ነገር ግን በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ጥገና፣ በአጥንትና በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የማገኛቸው ነርሶች በአንዱ 51፣ በሌላው 47 ብቻ ናቸው። ምዕራፉን እንዴት ልጻፈው?»

ሲስተር፣ አማካሪዎ ትክክል ናቸው። ለዚህም ምስክሩ ራሱ 384 ነው። ቁጥሩን በየትምህርት ክፍሉ መደርደሪያ ባሉ መመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ እናገኘዋለን፤ 10 በመቶ መጠባበቂያ ሲታከልበት ደግሞ 422 ወይም 423 ሆኖ ይመጣል። የሚወጣው ከዚህ ቀመር ነው፦

```
n = 1.96² × 0.5 × 0.5 / 0.05² = 384
```

ይህ ቀመር የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ «በዚህ ሕዝብ ውስጥ አንድ ነገር ያላቸው ሰዎች ስንት በመቶ እንደሆኑ፣ ከ5 በመቶ ባልበለጠ ስህተት ለመገመት ስንት ሰው ልጠይቅ?» የእርስዎ ጥያቄ ግን ይህ አይደለም። ጥሩ ዕውቀት ያላቸው ነርሶች ስንት በመቶ እንደሆኑ መገመት አልፈለጉም፤ የፈለጉት የሰለጠኑት ካልሰለጠኑት ይለዩ እንደሆነ ማወቅ ነው። ብዙ ተማሪዎች እዚህ ላይ ሲጨነቁ ለትንሽ ሕዝብ የሚደረገውን ማስተካከያ ያስገባሉ። እርስዎም 98ን ቢያስገቡ 79 ያገኙና እፎይ ይላሉ። ማስተካከያው ቁጥሩን ያሳንሰዋል እንጂ ጥያቄውን አይለውጠውም፤ የተሳሳተው ጥያቄ በትንሽ ቁጥር ተመለሰ ማለት ብቻ ነው።

ችግሩ ከናሙናው ቀመር ያለፈ ነው። በእጃችን የሚገባው የምዕራፍ አወቃቀር፣ ማለትም የጥናቱ አካባቢና ጊዜ፣ ንድፍ፣ ምንጭ ሕዝብ፣ ማካተቻና ማግለያ መስፈርት፣ ናሙና፣ ተለዋዋጮች፣ መሣሪያ፣ የመረጃ ጥራት፣ ትንተና፣ ሥነ ምግባር፣ ለዳሰሳ ጥናት የተቆረጠ ልብስ ነው። በውስጡ ስልጠናው ራሱ የሚቀመጥበት ርዕስ የለም። ስለዚህ ስልጠናው «የመረጃ አሰባሰብ ሂደት» በሚለው ሥር በሁለት መስመር ተወሽቆ ይቀራል። የትምህርት ክፍልዎ አወቃቀሩን ግዴታ ካደረገው ርዕሶቹን አይንኩ፤ ነገር ግን ሁለት ይጨምሩ። አንዱ «የጣልቃ ገብነቱ መግለጫ»፣ ሌላው «የቡድን አመዳደብ» ይሁን። ይህን የሚቃወም ፈታኝ እስካሁን አላጋጠመኝም።

አሁን ወደ ንድፉ ልግባ። አብዛኛው ተማሪ «ከፊል ሙከራዊ ንድፍ ጥቅም ላይ ውሏል» ብሎ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጽፍና ያልፋል። ከፊል ሙከራዊ የሚለው ቃል የቤተሰብ ስም ነው፤ በሥሩ ብዙ ዓይነት ንድፍ አለ። የእርስዎ ንድፍ የግል ስም «አቻ ያልሆነ የንጽጽር ቡድን ያለው፣ ቅድመና ድኅረ ፈተና» ነው። ስሙን ከጻፉ በኋላ ሦስት ነገሮችን መናገር አለብዎት፦ ለምን ነርሶቹን በግል በዕጣ እንዳልመደቡ፣ ምደባው በምን ደረጃ እንደተደረገና የትኛው ሆስፒታል ስልጠናውን እንደሚያገኝ ማን በምን መንገድ እንደወሰነ። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«በአንድ ክፍል የሚሠሩ ነርሶች ታካሚ ይረካከባሉ፤ የስልጠና ጽሑፍም ይዋዋሳሉ። ግማሾቹን አሰልጥኖ ግማሾቹን መተው ስልጠናው ላልሰለጠኑት እንዲደርስ ያደርጋል። ስለዚህ ምደባው በነርስ ደረጃ ሳይሆን በሆስፒታል ደረጃ ተደረገ። ሁለቱ ሆስፒታሎች በተለያዩ ከተሞች የሚገኙ ሲሆን በጥናቱ ጊዜ በመካከላቸው የነርስ ዝውውር መኖር አለመኖሩ በየሳምንቱ ተመዝግቧል። ስልጠናው የሚሰጥበት ሆስፒታል የተመረጠው በሳንቲም ዕጣ ነው።»

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር እውነት ከሆነ ብቻ ይጻፍ። ስልጠናውን እርስዎ በሚሠሩበት ሆስፒታል የሚሰጡት ስለሚቀርብዎት ከሆነ እንደዚያው ይጻፉት። ፈታኞች የሚቆጡት በተመችነት መመረጡ ሲደበቅ እንጂ ሲነገር አይደለም። ሳንቲም ቢጥሉም ጥናቱ በዕጣ የተመደበ ሙከራ አይሆንም፤ በዕጣ የተመደቡት ሁለት ሆስፒታሎች እንጂ 98 ነርሶች አይደሉምና። «በጊዜና በገንዘብ እጥረት በዕጣ መመደብ አልተቻለም» የሚለውን የተለመደ ዐረፍተ ነገር ደግሞ ይተዉት። ዕጣ ማውጣት ገንዘብ አይጠይቅም። እውነተኛው ምክንያት የስልጠናው መፍሰስ ነው፤ እሱም በቂ ነው።

ወደ ናሙናው ልመለስ። የሁለት ቡድኖችን አማካይ ለማነጻጸር የሚሆነው ቀመር ይህ ነው፦

```
n (ለእያንዳንዱ ቡድን) = 2 × (1.96 + 0.84)² × SD² / D²
```

1.96 ለ95 በመቶ እርግጠኝነት፣ 0.84 ደግሞ ልዩነት ካለ እሱን ለማግኘት ለሚኖር 80 በመቶ አቅም የቆሙ ናቸው። SD በፈተናው ውጤት ላይ ነርሶች ከአማካያቸው የሚራራቁበት ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ነው፤ የሚወሰደውም በዚያው መሣሪያ ከተሠራ ቀደምት ጥናት ወይም ከራስዎ ቅድመ ሙከራ ነው። D፣ ማለትም በሁለቱ ቡድኖች አማካይ መካከል ማየት የሚፈልጉት ትንሹ ልዩነት፣ ግን ከመጽሐፍ አይገኝም። «ከ100 ስንት ነጥብ ቢጨምር ነው ነርሶችን ከሥራ ክፍላቸው አውጥቶ ማሰልጠን የሚያዋጣው?» ብለው እንደ ነርስ የሚወስኑት ነው። ለምሳሌ SD 12 ነጥብ፣ D ደግሞ 8 ነጥብ ቢሆን፦

```
2 × 7.84 × 144 / 64 = 35.3  →  36
36 / 0.85 = 42.4  →  43
```

ሁለተኛው መስመር 15 በመቶ ነርስ በፈረቃ፣ በወሊድ ፈቃድ ወይም በዝውውር ምክንያት ለድኅረ ፈተና ላይገኝ ይችላል ከሚል ግምት የመጣ ነው። 36ን በ1.15 ማባዛት የተለመደ ስህተት ነው፤ 42 ይሰጥዎታል፤ ከ42 ላይ 15 በመቶ ሲቀነስ ደግሞ 36 አይሞላም። በ0.85 ማካፈል ነው ትክክለኛው። እንግዲህ በየቡድኑ 43፣ በድምሩ 86 ያስፈልግዎታል፤ ያለዎት 98 ነው። ከ51ዱ ውስጥ 43 በዕጣ መርጠው ስምንቱን ማስቀረት ትርፍ የለውም፤ መስፈርቱን የሚያሟሉትን ሁሉ ይጋብዙ። ምዕራፉም «ስሌቱ በየቡድኑ 43 አስፈለገ፤ ብቁ የሆኑት ጥቂት በመሆናቸው ሁሉም ተጋበዙ» ይበል። ያኔ «የናሙና አመራረጥ ዘዴ» በሚለው ርዕስ ሥር ስለ ዕጣ የሚተረከው ረጅም ሐተታ ሁሉ ይቀርልዎታል።

አሁን ምዕራፉ የሚወድቅበት ወይም የሚቆምበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ስልጠናውን ያገኘው አንድ ሆስፒታል፣ ያላገኘው አንድ ሆስፒታል ነው። በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት የስልጠናው ነው ወይስ የሆስፒታሉ? ይህን በቁጥር የሚለይ ምንም ዓይነት ስታቲስቲክስ የለም፤ ቡድንና ሆስፒታል በጥናትዎ ውስጥ አንድና ያው ነገር ናቸው። በስልጠናው ወር ስልጠናው በሚሰጥበት ሆስፒታል አዲስ ሜትሮን ተሾሙ እንበል። ወይም ለሙያ ፈቃድ ማደሻ ሲባል የቁስል እንክብካቤ ኮርስ በዚያው ከተማ ተሰጠ። የነርሶቹ ውጤት ያለ እርስዎ ስልጠናም ሊጨምር ይችላል። አቅም ካለዎት በጣም ጥሩው መፍትሔ ሆስፒታል መጨመር ነው፤ በየወገኑ ሁለት ሁለት እንኳ ቢሆን ነገሩ ይለወጣል። በአንድ ተማሪ ኪስና በአንድ ሴሚስተር ይህ ብዙ ጊዜ አይቻልም። ስለዚህ ገንዘብ የማይጠይቀውን መንገድ ልንገርዎ።

በፈተናው ውስጥ እርስዎ የማያስተምሩትን ርዕስ ይክተቱ። ለምሳሌ ስለ ደም መስጠት ጥንቃቄ 12 ጥያቄዎች። ከአልጋ ቁስሉ ጥያቄዎች ጋር ተቀላቅለው፣ በቅድመም በድኅረም ፈተና፣ በሁለቱም ሆስፒታሎች ይጠየቁ። ስልጠናው ሠርቶ ከሆነ በሰለጠኑት ዘንድ የአልጋ ቁስሉ ውጤት ይጨምራል፤ የደሙ ባለበት ይቆያል ወይም ጥቂት ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሁለቱም አብረው ከጨመሩ ግን ነርሶቹን ያነሣሣ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው፦ ፈተና መለመድ፣ የአዲስ አለቃ ፍርሃት፣ የማንበብ ወቅት። እንዲህ ያለው መለኪያ በከፊል ሙከራዊ ጥናት ሊቃውንት ዘንድ «አቻ ያልሆነ ጥገኛ ተለዋዋጭ» ይባላል፤ ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥራው 12 ጥያቄ ብቻ ነው። አንድ ወሰን አለው፤ አልጋ ቁስልን ብቻ የሚነካ ክስተትን፣ ለምሳሌ አዲስ የአየር ፍራሽ መምጣቱንና ከፍራሹ ጋር የአጠቃቀም ገለጻ መሰጠቱን አይዝም። ለዚህ በሁለቱም ሆስፒታሎች አንድ ሰው በየሳምንቱ የሚሞላው የክስተት ማስታወሻ ያዘጋጁ። ምን ስልጠና ተሰጠ፣ ማን ተዛወረ፣ ምን ዕቃ ገባ። በዲፌንስ ቀን «በመሃል ሌላ ነገር ተከስቶ ቢሆንስ?» ሲባሉ ማስታወሻውን ያወጣሉ።

ስለ ስልጠናው መግለጫ ስጽፍ መለኪያዬ ይህ ነው፦ እርስዎን የማታውቅ በሌላ ክልል ያለች ነርስ ምዕራፍዎን ብቻ አንብባ ስልጠናውን መድገም ትችላለች? «ነርሶች ስለ አልጋ ቁስል መከላከል ስልጠና ወሰዱ» ከሚለው ተነሥታ ምንም አትደግምም። ቲዲየር የሚባል 12 ነጥብ ያለው የጣልቃ ገብነት መግለጫ ዝርዝር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ነው፤ በነጻ ይገኛል። በዕጣ ላልተመደቡ ጥናቶች ደግሞ ትሬንድ የሚባለው እ.ኤ.አ. የ2004 ዝርዝር 22 ነጥቦች አሉት። ሁለቱን አጠገብዎ አስቀምጠው ይጻፉ። ለእርስዎ ጥናት ጽሑፉ ወደዚህ ቢቀርብ ደስ ይለኛል፦

«ስልጠናው በሁለት ግማሽ ቀናት፣ በየቀኑ ለሦስት ሰዓት ተሰጠ። ነርሶቹ በፈረቃቸው ምክንያት በሦስት ምድብ ተከፍለው በየምድቡ 17 ሆነው ሰለጠኑ። የመጀመሪያው ቀን ስለ ቁስሉ አፈጣጠርና ደረጃዎች እንዲሁም በብሬደን መለኪያ የተጋላጭነት ነጥብ አሰጣጥ ነበር። ሁለተኛው ቀን በአሻንጉሊት ላይ ታካሚን ማገላበጥ፣ ተረከዝን ከፍራሽ ማንሣትና የእርጥበት ቁጥጥር ልምምድ ነበር። አሰልጣኞቹ አጥኚዋና አንድ የቁስል እንክብካቤ ልምድ ያላት ነርስ ነበሩ። ለእያንዳንዱ ተሳታፊ የአራት ገጽ ማስታወሻ ተሰጠ፤ ማስታወሻው በአባሪ ተያይዟል።»

ከዚህ ቀጥሎ ሁለት ነገሮች ይምጡ። አንደኛው ስንቶቹ ሁለቱንም ቀን እንደተገኙ ነው። የብሬደንን መለኪያ ያስተማሩት በመጀመሪያው ቀን ከሆነና አሥር ሰዎች ያን ቀን ከቀሩ፣ ያ ቁጥር የውጤቱን ምዕራፍ ያስረዳል። ሁለተኛው የንጽጽሩ ሆስፒታል በዚያ ጊዜ ምን እንዳገኘ ነው። «ምንም አልተሰጣቸውም» ማለት እውነት አይደለም፤ የተለመደው የክፍል ውስጥ ገለጻና ያለው መመሪያ ነበራቸው። እሱ ይጻፍ። ከድኅረ ፈተናው በኋላም ያው ስልጠና እንደሚሰጣቸው ይግለጹ፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴው መጠየቁ አይቀርም፤ የዚያ ሆስፒታል ሜትሮንም የሚተባበሩዎት በዚህ ተስፋ ነው።

ድኅረ ፈተናውን በስልጠናው ማብቂያ ሰዓት፣ ሻይ ሳይጠጣ መስጠት የተለመደ ነው። ያ የሚለካው ዕውቀትን ሳይሆን የአንድ ሰዓት ትዝታን ነው። ቢያንስ አራት ሳምንት ይጠብቁ፤ በሁለቱም ሆስፒታሎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ይስጡ። የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተልም ይቀይሩ።

መሣሪያውን በሚመለከት ዝግጁ ፈተና መውሰድ ከራስ ፈጠራ ይሻላል። የፓይፐር የአልጋ ቁስል ዕውቀት ፈተና በመጀመሪያ ቅጹ 47 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን «ልክ፣ ስህተት፣ አላውቅም» ተብሎ ይመለሳል። ነርሶቻችን የተማሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ መተርጎሙ ግዴታ አይደለም፤ ግን በየትኛው ቋንቋ እንደሰጡት ይጻፉ። ልክና ስህተት ተብሎ ለሚታረም ፈተና የአስተማማኝነት መለኪያው ኩደር ሪቻርድሰን 20 ነው። ክሮንባክ አልፋ ብለው ቢጽፉም ቁጥሩ አንድ ዓይነት ስለሚመጣ ማንም አይጥልዎትም፤ ነገር ግን ለመሣሪያዎ የሚስማማውን ስም ማወቅዎ ይታያል። አንድ ነገር ግን እለምንዎታለሁ፤ ውጤቱን ከአማካይ በላይና በታች ብለው «ጥሩ ዕውቀት» እና «ደካማ ዕውቀት» አያድርጉት። የዳሰሳ ጥናት ልማድ ነው። ከ40 ወደ 58 ያደገችው ነርስና ከ59 ወደ 61 ያደገችው ነርስ መቁረጫው 60 ቢሆን የመጀመሪያዋ «አልተለወጠችም»፣ ሁለተኛዋ «ተለወጠች» ይባላሉ። ናሙናውም የተሰላው ለአማካይ ነጥብ ነው፤ መረጃውን ለሁለት ከቆረጡት ያ ስሌት አይመለከትዎትም።

አሁን የራሴን ስህተት ልናዘዝ። በተማሪነቴ በሠራሁት ጥናት ለተሳታፊዎች «ስም አይጻፍም» ብዬ ቃል ገባሁና ቃሌን ጠበቅሁ፤ ምንም መለያም አልሰጠሁም። ድኅረ ፈተናው ሲሰበሰብ በእጄ ሁለት ክምር ወረቀት ነበር፤ የትኛው ወረቀት የትኛዋ ነርስ እንደሆነ ግን አይታወቅም። የእያንዳንዷን ለውጥ ማስላት አልቻልኩም። የጥንድ ትንተና እንደማደርግ በፕሮፖዛሉ ጽፌ ነበር፤ ከፈታኞቼ አንዱ «ጥንዶቹ የታሉ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስም አለመጻፍና ምስጢር መጠበቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለእርስዎ የሚያስፈልግዎት ሁለተኛው ነው። አንዳንዶች ተሳታፊው ራሱ መለያ እንዲፈጥር ያደርጋሉ፤ የእናት ስም የመጀመሪያ ፊደልና የልደት ቀን ለምሳሌ። አንድ የማማክረው ተማሪ ይህን ሞክሮ በቅድመ ፈተና «ሀ» ያለችው ነርስ በድኅረ ፈተና «ኃ» ብላ መጣች፤ እናቷ ኃይማኖት ይባላሉ። የልደት ቀንም አንዱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ ይጽፋል። ስለዚህ በቁጥር የታተመች ትንሽ ካርድ ይስጡ፤ ቁጥሩን ከስም ጋር የሚያያይዘው ዝርዝር በታሸገ ፖስታ ከእርስዎ ውጭ ባለ ሰው እጅ ይቀመጥ፤ መረጃው ገብቶ ሲያልቅ ይቃጠል። ይህን ሁሉ በምዕራፉ ውስጥ በሦስት ዐረፍተ ነገር ይጻፉት። የሥነ ምግባር ክፍሉም የሚጠይቀው ትልቁ ነገር ይኸው ነው። ነርሶቹ የሜትሮን ትእዛዝ ስለመሰላቸው ሳይሆን ፈቅደው መሳተፋቸው፣ የግል ውጤታቸውም ለሥራ አፈጻጸም ምዘና እንደማይሰጥ በፈቃድ መጠየቂያው ላይ ተጽፎ መታየት አለበት።

የትንተናው ክፍል ላይ ደግሞ ከሁሉ የበዛው ስህተት ይህ ነው። ተማሪው በሰለጠኑት ላይ አንድ የጥንድ ቲ ፈተና፣ ባልሰለጠኑት ላይ ሌላ የጥንድ ቲ ፈተና ይሠራል። የመጀመሪያው ትርጉም ያለው ሆኖ ሁለተኛው ሳይሆን ሲቀር «ስልጠናው ሠርቷል» ይላል። በምሳሌ እንየው። የሰለጠኑት በአማካይ 6 ነጥብ ጨመሩ፤ ስታንዳርድ ስህተቱ 2.5 ነው። 6 ለ2.5 ሲካፈል 2.4፣ ማለትም ከ2 በላይ ስለሆነ ትርጉም አለው። ያልሰለጠኑት 4 ነጥብ ጨመሩ፤ ስታንዳርድ ስህተቱ ያው 2.5 ነው። 4 ለ2.5 ሲካፈል 1.6፤ ትርጉም የለውም። ተማሪው ደስ ይለዋል። ግን በሁለቱ ጭማሪዎች መካከል ያለው ልዩነት 2 ነጥብ ብቻ ነው፤ የዚህ ልዩነት ስታንዳርድ ስህተት ደግሞ 3.5 ገደማ ነው። 2 ለ3.5 ሲካፈል 0.57 ይሆናል፤ ይህም ከአጋጣሚ የማይለይ ነው። የንጽጽር ቡድኑን ያመጡት ለማነጻጸር ነው፤ እንግዲህ ሁለቱን በአንድ ፈተና ያነጻጽሩ።

እኔ የምመክረው ድኅረ ፈተናውን በቅድመ ፈተናው አስተካክሎ የሚያነጻጽረውን አንኮቫን ዋና ትንተና ማድረግ ነው። በኤስፒኤስኤስ ውስጥ ትእዛዙ ይህ ብቻ ነው፦

```
UNIANOVA post BY group WITH pre
  /PRINT=PARAMETER
  /DESIGN=pre group.
```

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ እንዳለ ይወቁ። ቡድኖቹ በዕጣ ስላልተመደቡ ገና ከመነሻው በቅድመ ፈተና ሊራራቁ ይችላሉ። ያኔ አንኮቫና የጭማሪዎች ንጽጽር የተለያየ መልስ ሊሰጡ ይችላሉ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1967 ፍሬድሪክ ሎርድ ካሳየው ጀምሮ የሎርድ ተቃርኖ ይባላል። ምክንያቱ ሁለቱ የተለያየ ነገር ስለሚገምቱ ነው። አንኮቫ በእኩል መነሻ የጀመሩ ነርሶች ያለ ስልጠና በእኩል መድረሻ ይገኙ ነበር ይላል፤ የጭማሪ ንጽጽር ደግሞ ያለ ስልጠና ሁለቱ ሆስፒታሎች በእኩል መጠን ይጨምሩ ነበር ይላል። የትኛው ዋና እንደሆነ መረጃውን ከማየትዎ በፊት ይጻፉ፤ ሁለተኛውን እንደ ማረጋገጫ ይጨምሩ። ሁለቱ ከተስማሙ መልካም ነው፤ ካልተስማሙ ሁለቱንም አሳይተው ይናገሩ። ነርሷ አንድ ቀን ብቻ ብትገኝም በተመደበችበት ቡድን ውስጥ ትቆጠር፤ ትጉሃኑን ብቻ መርጦ መተንተን ስልጠናውን ከሚገባው በላይ ያሳምረዋል። ከዚህ ጋር የደሙን ጥያቄዎች በዚያው መንገድ ይተንትኑ።

የሁለቱን ሆስፒታሎች የመነሻ ሁኔታ፣ የአልጋ ብዛት፣ አንድ ነርስ በፈረቃ የምትይዘውን ታካሚ ቁጥርና የነርሶቹን የሥራ ዘመን በአንድ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ያሳዩ። አንባቢው ራሱ ይፍረድ።

ከዚያ በኋላ የጥናቱ ውሱንነት በሚለው ሥር «ቡድንና ሆስፒታል ስለማይለዩ የታየው ልዩነት በከፊል የሆስፒታሉ ሊሆን ይችላል» ብለው በግልጽ ይጻፉ፤ ቀጥሎም የደሙ ጥያቄዎችና የክስተት ማስታወሻው ይህን ጥርጣሬ ምን ያህል እንዳጠበቡት ይግለጹ። በፕሮፖዛልዎ ላይ «ይደረጋል» ያሉትን ሁሉ «ተደረገ» ያድርጉት፤ ያላደረጉትን ደግሞ ያውጡት። «በ5 በመቶ ናሙና ቅድመ ሙከራ ይደረጋል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሳይነካ እስከ ዲፌንስ የደረሰባቸው ምዕራፎች ብዙ አይቻለሁ። ቅድመ ሙከራውን ከሠሩት፣ ከሁለቱ ውጭ በሆነ በየትኛው ተቋም፣ ከስንት ነርስ ጋር እንደሠሩትና ከዚያ በኋላ የትኛውን ጥያቄ እንደቀየሩ ይጻፉ። ቀኖቹንም በአንድ የቀን አቆጣጠር ብቻ ይያዙ።

በዚህ ሳምንት ግን ከመጻፍዎ በፊት የሁለቱን ሆስፒታሎች የፈረቃ ዝርዝር ከሜትሮኖቹ ይቀበሉ። 51 እና 47 ያሉት በወረቀት ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ በዓመት ፈቃድ፣ በወሊድና በትምህርት ላይ ያሉትን ሲያወጡ አንዱ ሆስፒታል ከ43 በታች ከወረደ ዛሬውኑ አንድ ክፍል፣ ለምሳሌ የማኅፀንና ጽንስ ቀዶ ጥገና ተኝተው የሚታከሙበትን ክፍል በሁለቱም ሆስፒታሎች ይጨምሩ። ቅድመ ፈተናው ከተሰጠ በኋላ ግን የማካተቻ መስፈርቱን መቀየር አይቻልም።